«ግላቭ አድርጌ ሳበቃ ነው ጄሉ እንዳልተከፈተ ያየሁት»

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ። የነርሲንግ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከ9 ቀን በኋላ ኦስኪ የሚባለው የተግባር ፈተና አለን፣ ከሚወጡት ስኪሎች አንዱ ሴት ታካሚ ላይ የሽንት ካቴተር ማስገባት ነው። ሌክቸሩን ሪከርድ አድርጌ ሶስቴ ሰምቼዋለሁ፣ ከስላይዱም ስድስት ገጽ ኖት ጽፌያለሁ። ባለፈው ሳምንት ስኪል ላብ ገብቼ ስሞክር ግን ስቴራይል ግላቭ አድርጌ፣ ማኒኪኑን አጽድቼ፣ ካቴተሩን ላነሳ ስል የጄሉ ቲዩብ ክዳኑ እንኳን አልተከፈተም። አንድ እጄ ማኒኪኑ ላይ ነው፣ ሌላው ስቴራይል ግላቭ ውስጥ ነው። ደርቄ ቀረሁ። መምህሬ «ቀጥይ» ስትለኝ የቱን እንደምቀጥል ጠፋኝ። ጓደኞቼ ከሲኒየር ያገኙት የማርኪንግ ሺት ፎቶ አለ፣ እሱን ሸምድጂው ይሉኛል። እኔ የራሴን የቼክሊስት ካርድ ልስራ ብዬ ጀምሬ ነበር ግን እሱም ተመልሶ ኖት ሆነብኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ የኔ እህት፣ ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እስኪ ኖትሽን ግለጪና ጄል የሚለው ቃል የት ቦታ እንዳለ እዪው። «ካቴተር ማስገባት» ከሚለው ርዕስ ስር፣ ከማጽዳቱ በኋላ አይደለም የተጻፈው? እንደዛ ከሆነ ችግሩ ጭንቅላትሽ ላይ አይደለም ያለው፣ እጅሽ ኖቱ ያዘዘውን ነው በታማኝነት የሰራው። መጀመሪያ ማጽዳት ይላል፣ ቀጥሎ ጄል መቀባት ይላል፣ ቀጥሎ ማስገባት ይላል። አንቺም በዛው ሄድሽ። ችግሩ ሌክቸር የሚሄደው በርዕስ ነው፣ እጅ ግን በርዕስ አይሄድም፣ መምህር ስለ ማስገባት ሲያወራ ጄሉንም፣ መጠኑንም፣ ቢያምስ ምን ይደረጋልን አንድ ላይ ያወራዋል፣ ለማስረዳት ትክክለኛው መንገድ እሱ ነው፣ ለመስራት ግን ጄሉ ከዛ ቦታ ተነቅሎ በጣም ወደፊት መሄድ አለበት። ካርድሽም ተመልሶ ኖት የሆነብሽ ኖቱን ብቻ አሳጥረሽ ቅደም ተከተሉን ስላልቀየርሽው ይመስለኛል።

ስለዚህ ሪከርዱን ለአራተኛ ጊዜ ስሚው፣ ግን በዚህኛው ዙር ሌላ ስራ ይዘሽ። ትንንሽ ወረቀት ቁረጪና እጅ የሚነካው፣ አፍ የሚናገረው ወይም አይን የሚያየው ነገር በመጣ ቁጥር አንዱን ድርጊት በአንድ ወረቀት ላይ ጻፊ። ካቴተር ለማን ይገባል፣ ኢንፌክሽን እንዴት ይመጣል፣ የአናቶሚው ስዕል ምናምን ሲመጣ አትጻፊ፣ እሱ ኖትሽ ላይ አለ፣ ከኦስኪው በኋላ የቃል ጥያቄ ቢመጣ ከዛ ነው የሚመልሱት። ስትጨርሺ ከሃያ አምስት እስከ ሰላሳ አምስት የሚሆኑ ወረቀቶች እጅሽ ላይ ይቀራሉ ብዬ እገምታለሁ። ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ በትኚያቸው፣ በሌክቸሩ ቅደም ተከተል እንዳትደረድሪያቸው ብቻ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በዚህ ስኪል ውስጥ ሁለት በሮች አሉ፣ አንዴ ካለፍሻቸው ወደ ኋላ መመለስ የለም፣ ከተመለስሽ ግላቭ መቀየር ነው። የመጀመሪያው በር ስቴራይል ግላቭ ማድረግ ነው። ከዛ በኋላ ውጪው ስቴራይል ያልሆነ ነገር መንካት አትችይም። ሁለተኛው በር ደግሞ የማትጽፊበት እጅሽ (ቀኝ ከሆንሽ ግራሽ) የታካሚዋን ብልት ከንፈር ከፍቶ የያዘ ሰዓት ነው፣ ያ እጅ ከዛ ቅጽበት ጀምሮ ስቴራይል አይደለም፣ እቃዎቹ ወደተዘረጉበት ስቴራይል ፊልድም አይመለስም፣ ስለዚህ ከዛ በኋላ ያለሽ አንድ እጅ ብቻ ነው። አንድ ወረቀት ላይ «ግላቭ»፣ ሌላው ላይ «ግራ እጅ ነካ» ብለሽ በቀይ ጻፊና ጠረጴዛው መሃል አስቀምጫቸው። ካቴተሩ ገብቶ ካበቃ በኋላ የሚሰሩትን ለብቻቸው አስቀምጪና የቀሩትን አንድ በአንድ አንስተሽ ጠይቂ፦ ይሄን ለመስራት ስቴራይል ያልሆነ ነገር እነካለሁ? አዎ ከሆነ ከመጀመሪያው በር በፊት ትሄዳለች። ሁለት እጅ ይፈልጋል? አዎ ከሆነ ከሁለተኛው በር በፊት ትሄዳለች።

ጄሉን በዚህ እንሞክረው። ያንቺ ጄል በቲዩብ ነው፣ ቲዩቡ ውጪው ስቴራይል አይደለም፣ ስለዚህ ክዳኑን ከፍቶ ቲዩቡ ፊልዱን ሳይነካ ትንሽ ጨመቅ አድርጎ ስቴራይል ፊልዱ ላይ ማስቀመጥ ከግላቭ በፊት ያለ ስራ ነው። ካቴተሩን ጄሉ ውስጥ ማስገባት ግን ከግላቭ በኋላ፣ ግራ እጅ ከመንካቱ በፊት ነው። አየሽ፣ ሌክቸሩ ላይ አንድ አረፍተ ነገር የነበረው «ጄል ይቀባል» የሚለው ነገር ሁለት ድርጊት ሆኖ በሁለት የተለያየ ቦታ ወደቀ። የማጽጃው ፈሳሽ ጠርሙስም እንደዛው ነው፣ ማፍሰሱ ከግላቭ በፊት፣ ጥጡን መንከሩ ከግላቭ በኋላ። ጄሉ በትንሽ ፓኬት ሆኖ ከስቴራይል ኪቱ ውስጥ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ውጪውም ስቴራይል ስለሆነ ከግላቭ በኋላ ይከፈታል። ለዛ ነው ካርድ ከመጻፍሽ በፊት ትምህርት ቤትሽ የሚጠቀምበትን ኪት አንዴ ከፍተሽ ማየት ያለብሽ፣ ከሌላ ሰው ኪት የተጻፈ ቅደም ተከተል ላንቺ ላይሰራ ይችላል።

ከመጀመሪያው በር በፊት የሚቀመጡት ብዙ ናቸው ግን አያስቸግሩም፦ ትዕዛዙን ማየት፣ ታካሚዋን በሁለት መለያ ማረጋገጥ፣ የላቴክስና የማጽጃው አለርጂ እንዳለባት መጠየቅ፣ አስረድቶ ፈቃድ መቀበል፣ መጋረጃ፣ እጅ መታጠብ፣ በጀርባዋ አስተኝቶ ጉልበቷን አጥፎ መክፈት፣ በተራ ግላቭ አካባቢውን ማጠብ፣ ግላቩን አውልቆ እንደገና እጅ መታጠብ፣ ኪቱን መክፈት። አብዛኛው ተማሪ የሚወድቀው እዚህ አይደለም። ካርድሽ ላይ ሰፊውን ቦታ የምትሰጪው በሁለቱ በር መሃልና ከሁለተኛው በር በኋላ ላለው ነው። ያንን ክፍል እኔ ብጽፈው እንዲህ ነው የሚሆነው፦

ግላቭ ◄ ቁም፦ ሁሉም ተከፍቷል? ፈሷል?
ድሬፕ ዘርጋ
ጥጥ ንከር
ውሃ ያለበትን ሲሪንጅ ባሉኑ ላይ ግጠም
የካቴተር ጫፍ ጄል ቀባ፣ 2.5–5 ሳ.ሜ
ግራ እጅ ነካ ◄ ቁም፦ ሁለት እጅ የሚፈልግ የቀረ አለ?
ከፍተህ ያዝ፣ አትልቀቅ
ጥጥ 1 ማዶ፣ ጥጥ 2 ወዲህ፣ ጥጥ 3 መሃል፣ ሁሌ ከላይ ወደ ታች
«በረጅሙ ተንፍሺ»
አስገባ፣ ሽንት እስኪመጣ
«ሽንት መጣ» ብለህ ተናገር
ሌላ 2.5–5 ሳ.ሜ ግፋ
ባሉን ◄ ቁም፦ ሽንት አይቻለሁ?
ቀስ ብለህ ንፋ፣ ፊቷን እያየህ
ቀስ ብለህ ሳብ፣ እስኪይዝ

አጻጻፉን እዪው። አማርኛችን ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፣ ስለዚህ ረጅም አረፍተ ነገር ከጻፍሽ ምን እንደምታደርጊ የምታውቂው አንብበሽ ስትጨርሺ ነው፣ ካርድ ላይ ደግሞ አይንሽ የሚያርፈው ለአንድ ሰከንድ ነው። በተቻለሽ መጠን ከሶስት ከአራት ቃል አትለፊ። ቁጥርም ቢሆን እጅ የሚለካውን ብቻ ጻፊ። የካቴተሩ መጠን፣ የባሉኑ ሚሊ ፓኬቱ ላይ ስላለ ካርዱ ላይ «ፓኬቱን አንብብ» በቂ ነው፣ ብዙ ጊዜ 10 ሚሊ ስቴራይል ውሃ ነው፣ ኖርማል ሳላይን የማይደረገው ክሪስታል ሰርቶ ቀጭኑን መስመር ሊዘጋው ስለሚችልና በኋላ ባሉኑን ማራገፍ ስለሚያስቸግር ነው፣ ይሄ «ስለሚችል» የሚለው ግን ኖት ላይ ነው ቦታው። በትዕምርተ ጥቅስ ያሉት ከአፍ የሚወጡ ናቸው፣ በሌላ ቀለም ጻፊያቸው። ማኒኪን ስለማይመልስ ተማሪ ከሱ ጋር ማውራት ይረሳል፣ አፍም እንደ እጅ ልምምድ ይፈልጋል።

«ሽንት መጣ» የምትለዋ መስመር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኔን በጣም የምታሳስበኝ እሷ ናት። ሽንት የማያወጣ ማኒኪን ላይ የሚለማመድ ተማሪ ካቴተሩን ያስገባና ባሉኑን ወዲያው ይነፋል፣ ምንም ስለማይሆን እጁ ይለምደዋል። ሰው ላይ ግን ሽንት ሳይታይ ከተነፋ ባሉኑ ፊኛ ውስጥ ሳይሆን የሽንት ቱቦው ውስጥ ሊነፋ ይችላል፣ ያ ያማል፣ ይጎዳል፣ ያደማል። ሴት ላይ ሽንት ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 7.5 ሳንቲ ሜትር ገባ ሲል ይመጣል፣ ከዛም በኋላ ተጨማሪ የሚገፋው ባሉኑ ያለበት ክፍል በሙሉ ፊኛ ውስጥ እንዲገባ ነው። ማኒኪንሽ ደረቅ ከሆነ አጠገብሽ ያለችው ጓደኛሽ «መጣ» እስክትል ቆመሽ ጠብቂ፣ አንዳንዴ ሆን ብላ ዝም ትበልሽ። ስትነፊ ታካሚዋ አመመኝ ካለች ደግሞ አቁሚ፣ ውሃውን መልሰሽ አውጪ፣ ካቴተሩን ትንሽ ወደ ውስጥ ጨምሪና እንደገና ሞክሪ።

ከካርዱ ጀርባ ሁለት «ቢሆንስ» ጻፊ፣ ከሁለት አይብለጥ። አንዱ፣ ሽንት ካልመጣና በሽንት ቀዳዳዋ ፈንታ ቫጃይናዋ ውስጥ የገባ ከመሰለሽ፣ ያንን ካቴተር አታውጪው፣ እዛው ተዪው፣ መንገድ ጠቋሚ ይሆንሻል፣ አዲስ ስቴራይል ካቴተር ይዘሽ ከሱ በላይ ያለውን ቀዳዳ ፈልጊ፣ አዲሱ ከገባ በኋላ የመጀመሪያውን ታወጪዋለሽ። ያንኑ አውጥቶ መልሶ ማስገባት ግን አይሆንም። ሁለተኛው፣ ስቴራይል ነገርሽ የማይነካውን ከነካ «ተናገር፣ ጣል፣ ቀይር»። በማጽዳት መሃል ከንፈሩ ከእጅሽ ካመለጠ ደግሞ ማጽዳቱን በአዲስ ጥጥ ከመጀመሪያው።

መጨረሻ ላይ ያሉትን እንደማትረሺያቸው አምናለሁ ግን ካርዱ ላይ ይኑሩ፦ ካቴተሩን ጭን ላይ ማሰር፣ የሽንት ባጉን ከፊኛ በታች ማንጠልጠል፣ ወለል አለማስነካት፣ ቱቦው እንዳልታጠፈ ማየት፣ አካባቢውን አድርቆ ታካሚዋን ማስተካከል፣ አልጋውን ዝቅ ማድረግ፣ ግላቭ አውልቆ እጅ መታጠብ፣ መመዝገብ። ምዝገባው ሰዓት፣ የካቴተር መጠን፣ ባሉን ውስጥ የገባው ሚሊ፣ የሽንቱ መጠንና ቀለም፣ ታካሚዋ እንዴት እንደቻለችው ነው።

ስለ ማርኪንግ ሺቱ ፎቶ ጓደኞችሽን አልቃወማቸውም፣ ግን እሱን መጨረሻ ላይ አውጪው። ማርኪንግ ሺት ለፈታኙ አይን ነው የተሰራው፣ «አሴፕቲክ ቴክኒክ ጠብቃለች» ይላል በአንድ መስመር፣ ለአንቺ እጅ ግን ያ አንድ መስመር አስር ድርጊት ነው። ደግሞ የድሮ ነው፣ ተቀይሮም ሊሆን ይችላል። የራስሽን ካርድ ከጨረስሽ በኋላ ጎን ለጎን አድርጊያቸውና እሱ ላይ ኖሮ ካንቺ የጎደለ ካለ ጨምሪ፣ አበቃ። ከፈተናው የተሰረቀ ነገር እንዳይሆን ደግሞ ከየት እንደመጣ ጠይቂ፣ ከሆነ ብትተዪው ይሻልሻል።

ልምምዱን በሶስት ዙር እመክርሻለሁ። በመጀመሪያው ሶስት ቀን ጓደኛሽ ካርዱን መስመር በመስመር ታንብብልሽ፣ አንቺ እየሰማሽ ስሪ፣ እዚህ ፍጥነት አትፈልጊ። በቀጣዮቹ ሶስት ቀናት ካርዱን እሷ ትያዘው፣ ዝም ትበል፣ አንቺ ስሪ፣ የዘለልሻት መስመር ላይ ነጥብ ታድርግ፣ መሃል ላይ እንዳታቋርጥሽ፣ ካርዱን የምታዪው «ቁም» የሚሉት ሶስት ቦታዎች ላይ ደርሰሽ ብቻ ነው፣ ያውም ሰርተሽ ለማረጋገጥ እንጂ ቀጥሎ ያለውን ለማንበብ አይደለም። ግላቭ ካደረግሽ በኋላ ካርዱን አንቺ እንዳትነኪው፣ ብዙ ሰው እየተለማመደ ስቴራይሉን የሚያበላሸው በገዛ ካርዱ ነው። አንድ መስመር ላይ ሁለቴ ነጥብ ካረፈባት «ደጋግሜ ላጥናት» አትበይ፣ መስመሯን ቀይሪያት። ወይ ቦታዋ ተሳስቷል፣ ወይ ሁለት ድርጊት ተጣብቀውባታል። ለምሳሌ ሲሪንጅ መግጠሙን ሁሌ የምትዘይው ከሆነ ምናልባት ከጥጡ በፊት ቢሆን እጅሽ ይቀበለው ይሆናል፣ ከሁለተኛው በር በፊት እስከሆነ ድረስ ቦታው ያንቺ ምርጫ ነው። የመጨረሻዎቹን ቀናት ያለ ካርድ፣ በሰዓት፣ ሰው እያየሽ ስሪ። የመጨረሻውን ማታ ግን ካርዱን እንዳትቀይሪው።

ከመምህርሽ ጋር ደግሞ ነገ ሁለት ደቂቃ ፈልጊ። «ቀጥይ» ያለችሽ ልታዋርድሽ መስሎ ተሰምቶሽ ይሆን? ደብዳቤሽ ላይ እንደዛ ያለ ነገር ሸተተኝ፣ ልሳሳት እችላለሁ። ምናልባት ቆመሽ ስታይሽ እንዴት እንደምታስተካክዪው ማየት ፈልጋ ይሆናል። ካርዱን ይዘሽ ሂጂና ሶስት ነገር ጠይቂያት፦ ኪቱ ውስጥ ባጉ ከካቴተሩ ጋር ተያይዞ ነው የሚመጣው ወይስ እኔ ነኝ የማያይዘው? ባሉኑን ቀድሜ እየነፋሁ እፈትሻለሁ ወይስ አልፈትሽም? (ይሄ ድሮ ይደረግ ነበር፣ አሁን ብዙ አምራቾች አይመክሩትም፣ ትምህርት ቤቶች ግን ይለያያሉ።) ደግሞስ መሃል ላይ ስቴራይሉን አበላሽቼ ራሴ ካወቅኩት፣ ተናግሬ ብቀይር እንዴት ይታያል? የመጨረሻውን ጥያቄ መልስ ማወቅሽ ብቻውን ድንጋጤሽን ይቀንሰዋል ብዬ አስባለሁ፣ ያን ቀን ያደረቀሽ አንድ ክዳን አይመስለኝም፣ አሁን ምን ይፈቀድልኛል የሚለውን አለማወቅሽ ነው። «ጄሉን አልከፈትኩም፣ ግላቤን አውልቄ ከፍቼ በአዲስ ግላቭ እቀጥላለሁ» ማለት ትችዪ ነበር፣ አሁንም ትችያለሽ።

ኦስኪው ላይ እንደዛ ደርቀሽ ከቀረሽ ደግሞ ቀጥሎ ያለውን መስመር ለማስታወስ አትታገይ። አይንሽን ወደ ፊልዱ መልሺና መጨረሻ ያለፍሽውን «ቁም» ጥያቄ ለራስሽ ጠይቂ። ሁለት እጅ የሚፈልግ የቀረ አለ? ፊልዱ ላይ ያለው ነገር ራሱ ይነግርሻል፣ ያልተነከረ ጥጥ ካለ ይታያል፣ ያልተቀባ ካቴተር ካለ ይታያል።

ዛሬ ማታ ወረቀቶቹን ብቻ ቁረጪ፣ ካርዱ ነገ ኪቱን ካየሽ በኋላ ይጻፋል። ስትጨርሺ ጄሉ ስንተኛ መስመር ላይ እንደወጣልሽ ጻፊልኝ እሺ?